የሚያውቁት ቃል ሲያሳስት

የእንግሊዝኛ ፈተና ያልቀናው ተማሪ ምን እንዳሰናከለው ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ቃል ነው። ረጅም፣ ለአፍ የማይመች፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቃል። ከብሔራዊ ፈተና በፊት ባሉት ወራት በየትምህርት ቤቱ የቃላት ዝርዝር ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውም ለዚሁ ነው፤ በግራ በኩል እንግሊዝኛው፣ በቀኝ በኩል አንዲት የአማርኛ ፍቺ። ተማሪው ዝርዝሩን ሸምድዶ ይገባል። ሲወጣ ግን ከሳታቸው ጥያቄዎች መካከል ብዙዎቹ ድሮ የሚያውቃቸውን ቃላት የያዙ ሆነው ያገኛቸዋል።

በእስራኤል የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ባትያ ላውፈር እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያነቡ ሰዎች የሚሳሳቱበትን መንገድ ለዓመታት አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጽሑፋቸው አንባቢን የሚያሰናክሉትን ቃላት በሦስት ከፍለዋቸዋል፤ የማያውቃቸው፣ የሚያውቃቸው የሚመስሉት እና ከአውድ ሊገምታቸው የማይችላቸው። ከሦስቱ መሠሪው መካከለኛው ነው። የማያውቁትን ቃል ሲያዩ ቢያንስ አለማወቅዎን ያውቃሉ፤ ቆም ብለው ዙሪያውን ያያሉ። የሚያውቁት የሚመስልዎትን ግን አልፈውት ይሄዳሉ።

ከላውፈር ምሳሌዎች አንዱ «ሲንስ» የሚለው ትንሽ ቃል ነው። ተማሪው መጀመሪያ የሚማረው «ከዚህ ጊዜ ጀምሮ» በሚለው ፍቺው ነው። «ምክንያቱም» ወይም «ስለሆነ» በሚል ፍቺ ሲመጣበትም ያንኑ የጊዜ ፍቺ ይዞ ያነበዋል። «ዋይል» ላይም እንዲሁ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ነገሮችን እያነጻጸረ «ግን» ሲል፣ አንባቢው «በዚያ ጊዜ» ብሎ ይረዳዋል። «ስቴት» ሁኔታ ለማለት ሲገባ አገር ይሆንበታል። የሚያስገርመው ፍቺውን መሳቱ ብቻ ሳይሆን ከሳተ በኋላ የሚያደርገው ነው። የያዘው ፍቺ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር አልገጥም ሲለው ፍቺውን አይጠራጠርም። የቀረውን ዓረፍተ ነገር ጠምዝዞ ከያዘው ፍቺ ጋር ያስማማዋል።

ይህ የሰነፍ ተማሪ ጠባይ ብቻ አይደለም። የቋንቋው አሠራር ራሱ የሚጋብዘው ስህተት ነው። አሜሪካዊው ምሁር ጆርጅ ዚፍ በ1940ዎቹ እንዳሳዩት አንድ ቃል በአፍም በጽሑፍም በተዘወተረ ቁጥር የሚሸከመው ፍቺ ይበዛል። ኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ራን» ለሚለው ግሥ ብቻ ከ600 በላይ ፍቺዎችን ለይቶ አውጥቷል። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ ልጅ ይህን ቃል «ሮጠ» ብሎ ያውቀዋል፤ ማወቁም እውነት ነው። ቃሉ ግን ወንዝ ሲፈስስ፣ ድርጅት ሲመራ፣ ማሽን ሲሠራ፣ ሰው ለምርጫ ሲወዳደርም ይጠራል። ብርቅና ረጅም የሆኑት ቃላት በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ፍቺ ብቻ ስላላቸው ሸምዳጁን አይከዱትም። የሚከዱት ቤተኞቹ ናቸው።

አማርኛም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም። ፀሐይ ትወጣለች፣ ሰው ዳገት ይወጣል፣ ጋዜጣ ይወጣል፣ ሎተሪ ይወጣል፣ ለሕፃን ስም ይወጣል። አፍ የፈታበት ሰው እነዚህን ሲሰማ አምስት የተለያዩ ነገሮች እንደሰማ እንኳ ልብ አይልም። የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት «አውዳዊ ፍቺ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ቃሉ ለብቻው ቆሞ ሳይሆን በገባበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚሰጠው ትርጉም። «በምንባቡ መሠረት ለተሰመረበት ቃል ተመሳሳይ ፍቺ ያለውን ምረጡ» የሚለው ትእዛዝም ክብደቱ ያረፈው መጀመሪያ ባሉት ሁለት ቃላት ላይ ነው፤ ተፈታኞች በብዛት የሚዘልሏቸውም እነዚያኑ ነው።

ፈተና አዘጋጆችም ወደዚህ አሠራር የደረሱት ቀስ ብለው ነው። ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለመግባት የሚፈተኑት ቶፌል እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጀመር የቃላት ጥያቄዎቹ በተናጠል የሚቀርቡ ነበሩ። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ በውስጡ አንድ የተሰመረበት ቃል፣ ከሥሩ አራት አማራጭ። ዓረፍተ ነገሩ ብዙ ጊዜ ለጌጥ ያህል ነበር፤ ቃሉን ከዝርዝር ያጠና ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳያነብ መልሱን መምረጥ ይችላል። በዚህ የተነሳ ለዝግጅት የሚመጡ ተማሪዎች ከማንበብ ይልቅ መሸምደድን መረጡ። በ1995 ይህ ክፍል ቀርቶ የቃላት ጥያቄዎቹ ወደ ንባብ ምንባቦች ገቡ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በምንባቡ ውስጥ ያለው ቃል ለየትኛው ፍቺ ይቀርባል የሚል ሆነ። አማራጮቹ ውስጥም የቃሉ እውነተኛ፣ ግን ለዚያ ቦታ የማይሆን ሌላ ፍቺ መገኘት ጀመረ።

አሠራሩን በቅርብ ለማየት አንድ አጭር ምንባብ በአማርኛ ማዘጋጀት ይበቃል።

«ደራሽ ውሃ መንገዱን ከቆረጠው ወዲህ ገበያው ቀዝቅዟል። ነጋዴዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ተሰብስበው ለድልድዩ ማሠሪያ እያንዳንዳቸው የሚያዋጡትን ቆረጡ። የመሠረት ድንጋዩ የሚጣልበት ቀንም ተቆረጠ።»

በአራት መስመር ውስጥ አንድ ግሥ አራት ጊዜ መጥቷል፤ የያዘው ፍቺ ግን ሦስት ዓይነት ነው። ፈታኙ የመጨረሻውን አስምሮበት አራት አማራጭ ሰጠ እንበል። ሀ. ተሰረዘ፣ ለ. ተወሰነ፣ ሐ. ተነገረ፣ መ. ተቀረጸ።

እነዚህ አማራጮች በዘፈቀደ የተደረደሩ አይደሉም፤ እያንዳንዱ አንድ ዓይነት ተፈታኝ የሚጠብቅ ወጥመድ ነው። «ተሰረዘ» የተቀመጠው «ቆረጠ» ማለት ለይቶ ማስወገድ ነው የሚለውን አንድ ፍቺ ይዞ ለገባው ነው። የተቆረጠ ነገር ይቀራል፤ ስለዚህ ቀኑ ቀረ ብሎ ያስባል። «ተቀረጸ» በድምፅና በመልክ ተቀራራቢ የሆነውን ለሚይዝ፣ አጣድፎ ለሚያነብ ነው። «ተነገረ» ግን ከሁሉም የረቀቀ ነው። ይህ የተዘጋጀው አውድን መጠቀም ለተማረ፣ ግን በግማሽ ለተማረ ሰው ነው። ቃሉን አውጥተው «ተነገረ»ን ቢተኩበት ዓረፍተ ነገሩ ያለምንም እንከን ይነበባል። የመሠረት ድንጋይ የሚጣልበት ቀን ይነገራል፤ ምን ችግር አለው? ችግሩ «መቁረጥ» በየትኛውም አማርኛ መናገር ሆኖ የማያውቅ መሆኑ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ነገር በመሰናዶ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም ተብራርቶ አይገኝም። ትክክለኛው መልስ ሁለት መመዘኛ ማለፍ አለበት። አንደኛ፣ በቦታው ሲተካ የምንባቡ ሐሳብ ሳይናጋ መቆየት አለበት። ሁለተኛ፣ ቃሉ ራሱ ያንን ፍቺ መሸከም የሚችል መሆን አለበት። ዝርዝር የሸመደደው ተማሪ ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ይገባና «ተሰረዘ» ላይ ይወድቃል። «ከአውድ ገምቱ» የተባለው ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ «ተነገረ» ላይ ይወድቃል። ሁለቱንም የሚያልፈው «ተወሰነ» ብቻ ነው።

ተማሪው ይህን በምን ያውቃል? ፖል ኔሽን እና ክላርክ የተባሉ የቋንቋ ማስተማር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረቡት ቅደም ተከተል እስካሁን ይሠራበታል። መጀመሪያ የቃሉ ዓይነት ይታያል፤ ግሥ ነው፣ ስም ነው ወይስ ቅጽል? ቀጥሎ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከማን ጋር እንደዋለ ይታያል፤ ማን አደረገው፣ በምን ላይ ተደረገ? ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር በምን እንደተያያዘ ይመረመራል። «ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ለምሳሌ» የሚሉ አያያዦች እዚህ ላይ ከየትኛውም ቃል በላይ ይናገራሉ። ግምት የሚሰነዘረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የተሰነዘረው ግምትም ተመልሶ ይፈተሻል። ሁለቱ ባለሙያዎች የቃሉን ቅርጽ ቆራርጦ ማየትን ወደ መጨረሻ የገፉት ሆን ብለው ነው። ቅርጹን አስቀድሞ ያየ ሰው አውዱን በቅርጹ መነጽር ማንበብ ይጀምራል። ላውፈር ያገኟቸው ተማሪዎች ጉድለት ማለት የሆነውን «ሾርትካሚንግስ» «አጭር ጉብኝት» ብለው የተረጎሙት «አጭር» እና «መምጣት» የሚሉትን ቁርጥራጮች ስላወቁ ነው።

በቆረጠው ቃላችን ላይ ሁለተኛው እርምጃ ብቻውን ሥራውን ይጨርሳል። ውሃ መንገድ ሲቆርጥ ያቋርጣል፤ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ይተዋል፤ መዋጮና ቀን ሲቆረጥ ይወሰናል። ግሡ አንድ ነው፤ ፍቺውን የሚለውጠው አብሮት የሚውለው ስም ነው። ምንባቡ ውስጥ «ግን» ባይኖር ኖሮ እንኳ ነጋዴዎቹ ተሰብስበው ገንዘብ ካዋጡ በኋላ ቀኑ ተሰረዘ ማለት ከሐሳቡ ፍሰት ጋር ይጋጫል።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው እንመለስ። አንድ ምንባብ ስለ ከተማ ውሃ ያወራል፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ምክር ቤቱ የውሃውን እጥረት «አድረስ» ለማድረግ ሁለት ዓመት እንደፈጀበት ይናገራል። ተከታዩ ዓረፍተ ነገር አሮጌዎቹ ቧንቧዎች ተቀይረው ውሃው እንደመጣ ይገልጻል። አማራጮቹ «ንግግር አደረገ»፣ «አድራሻ ጻፈ»፣ «መፍትሔ ፈለገ» እና «ሸፋፈነ» የሚል ፍቺ ያላቸው ናቸው። አድራሻ የሚለውን ሁሉም ተማሪ ያውቃል፤ ትጉሁ ደግሞ ቃሉ ለሕዝብ ንግግር ማድረግ እንደሆነም ያውቃል። ሁለቱም የቃሉ እውነተኛ ፍቺዎች ናቸው። ግን አድራሻ የሚጻፈው በፖስታ ወይም በጥቅል ላይ ነው፤ ንግግር የሚደረገው ለሰው ነው። እጥረት ፖስታም ሰውም አይደለም። ቀሪዎቹ ሁለቱ ከእጥረት ጋር ይሄዳሉ፤ እነሱን የሚለያቸው የተቀየሩት ቧንቧዎች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ በስብሰባ ላይ «ይህን ችግር አድረስ ማድረግ አለብን» ሲባል ሰምቷል፤ ብዙም ብሎታል። የቢሮ ቅይጥ አማርኛ ከተማሪው የቃላት ዝርዝር ቀድሞ ትክክለኛውን ፍቺ ይዟል።

ተማሪውም ቢሆን ሳይታወቀው ይህን ሥራ በየቀኑ ይሠራዋል። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ «ፕሮዳክት» የሚለውን ቃል ጠዋት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብዜት፣ ረፋዱ ላይ በኬሚስትሪ ከውህደት የሚገኝ ውጤት፣ ከሰዓት በኢኮኖሚክስ የገበያ ምርት ብሎ ይረዳዋል። ማንም አይሳሳትበትም፤ የትኛው መምህር ሰሌዳው ፊት እንደቆመ ስለሚያውቅ ነው። በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ግን መምህሩ የለም፤ ምንባቡ ስለ ምን እንደሆነ የሚነግረው ምንባቡ ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ብቻ አንብቦ የተሰመረበትን መስመር ነጥሎ የሚያይ ተፈታኝ ትምህርቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ክፍል ውስጥ ገብቷል።

አውድ ሁልጊዜ ይረዳል ማለት ደግሞ ውሸት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1983 አይሳቤል ቤክ፣ ማርጋሬት ማክኪዎን እና ኤለን ማካስሊን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በልጆች ማንበቢያ መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን አውዶች መዝነው በአራት ደረጃ ለይተዋል፤ በቀጥታ የሚመራ፣ በግርድፉ አቅጣጫ የሚያሳይ፣ ምንም የማይናገር እና የሚያሳስት። ልዩነቱን «ግብዝ» በሚለው ቃል ማየት ይቻላል። «ሰው ፊት ጾመኛ፣ ጓዳ ሲገባ ሥጋ በሊታ የሆነ ግብዝ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቃሉን ለማያውቅ ሰው ፍቺውን እጁ ላይ ያስቀምጥለታል። «ግብዝ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» የሚለው ግን ምንም አይሰጠውም፤ ሰነፍም ደግም ሊሆን ይችላል። «ያ ግብዝ ሲገባ ሁሉም ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠው» የሚለው ደግሞ ባለማዕረግ ነው ብሎ እንዲገምት ይገፋዋል። ፈታኝ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ዓይነት ላይ ጥያቄ ካወጣ የመዘነው ንባብን አይደለም፤ ቃሉን አስቀድሞ ያወቀና ያላወቀን ብቻ ለይቷል።

ሌላው ገደብ ዙሪያው ያሉት ቃላት መታወቅ ነው። ማርሴላ ሁ እና ፖል ኔሽን በ2000 ባሳተሙት ጥናት መሠረት አንባቢ ያለ እርዳታ ታሪክን በሚገባ ለመረዳት ከመቶ ቃላት ዘጠና ስምንቱን ማወቅ ያስፈልገዋል። በየመስመሩ ሁለት ሦስት ያልታወቀ ቃል ካለ የአንዱን ፍቺ በሌላው ለማግኘት መሞከር ከንቱ ነው። የቃል ጥናትን ጨርሶ ጣሉ የሚሉ መምህራን ይህን ይረሳሉ። ዝርዝር ይጠቅማል፤ የሚጎዳው ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ሰጥቶ ሲዘጋ ነው።

የትርጉም ጥያቄ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በምርጫ ጥያቄ ላይ ቢያንስ አራት አማራጮች ተቀምጠዋል። ለጋዜጠኝነት፣ ለፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ወይም ለኤምባሲ ሥራ የሚፈተን ሰው የሚሰጠው ምንባብና ባዶ ወረቀት ነው። አማራጮቹን ራሱ ያወጣል፣ ራሱም ይመርጣል። መንገዱ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ የተሰነጠቀ ነው። እንግሊዝኛው አንድ ቃል በአማርኛ ብዙ እንደሚሆን ሁሉ የእኛም አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ይበተናል። «ሂሳብ» ትምህርት ቤት ውስጥ ማትስ ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥ ቢል፤ ባንክ ውስጥ አካውንት። «ሂሳቡ ተዘጋ» የሚለውን የሚተረጉም ሰው ባንክ ውስጥ ይሁን የድርጅት የዓመት መጨረሻ ላይ ሳያውቅ ብዕሩን ባያነሳ ይሻለዋል።

መዝገበ ቃላት ቢፈቀድስ? የአሜሪካ ተርጓሚዎች ማኅበር በሚሰጠው የብቃት ፈተና ላይ ተፈታኞች መዝገበ ቃላት መያዝ ይችላሉ፤ ያም ሆኖ ብዙዎች ይወድቃሉ። መዝገበ ቃላቱ ፍቺዎቹን ይደረድራል እንጂ አይመርጥም። የማኅበሩ አራሚዎች ስህተትን የሚመዝኑበት መንገድም ትምህርት አለው። ለአንድ ስህተት እንደ ክብደቱ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ወይም 16 ነጥብ ይያዝበታል፤ ድምሩ 18 የደረሰ ወድቋል። ክብደቱ የሚለካው ስህተቱ ጽሑፉን የሚጠቀምበትን ሰው ምን ያህል እንደሚያሳስት ነው። ስለዚህ ከሁለት ተቀራራቢ ፍቺዎች ደካማውን የመረጠ ጥቂት ነጥብ ያጣል። በመድኃኒት መመሪያ ላይ አንዱን ፍቺ በሌላ ቀይሮ መጠኑን ያዛባ ግን በአንድ ቃል ብቻ ወደ ውድቀት ሊጠጋ ይችላል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህን ችግር አስቀድሞ አስቦ የተሠራ አንድ መጽሐፍ አለ። የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛና የአማርኛ የአውድ መዝገበ ቃላት ነው። ከተለመዱት የሚለየው ፍቺን ለብቻው ደርድሮ ከመተው ይልቅ የእንግሊዝኛውን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ከነአማርኛው ማቅረቡ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሲቀየር አማርኛውም ይቀየራል። መጽሐፉ ውድና ወፍራም ስለሆነ በተማሪ እጅ አይገኝም። ዘዴው ግን ለማንም ደብተር ይሆናል፤ በግራ ቃሉን፣ በቀኝ ፍቺውን ከመጻፍ ይልቅ ቃሉ የተገኘበትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን መገልበጥ፣ በሌላ ፍቺ ሲመጣም ከሥሩ ሁለተኛውን መጨመር። ሦስት ዓረፍተ ነገር ያለው አንድ ቃል፣ ፈተና ላይ አንድ ፍቺ ካላቸው ከሦስት ቃላት የበለጠ ይጠቅማል ብሎ መናገር ይቻላል፤ ዚፍ እንዳለው የሚዘወተሩት ባለ ብዙ ፍቺዎቹ ናቸውና።

አንዳንዴ ጥፋቱ የተፈታኙ አይደለም። ፈተና ከታረመ በኋላ ጥያቄዎቹ ራሳቸው ይፈተናሉ። የተለመደው መንገድ በአጠቃላይ ውጤታቸው ከላይ ያሉትን 27 በመቶና ከታች ያሉትን 27 በመቶ ተፈታኞች ወስዶ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ምን እንደመረጡ ማነጻጸር ነው። ጤነኛ ጥያቄ ላይ የላይኞቹ ወደ ትክክለኛው መልስ ይሰበሰባሉ፤ ወጥመዶቹ የታችኞቹን ይይዛሉ። የላይኞቹ ለሁለት ከተከፈሉ ግን ምንባቡ ሁለት ንባብ እየፈቀደ ነው ማለት ነው። ከላይ በተዘጋጀው ምንባብ ላይ ጎበዞቹ በ«ተወሰነ» እና በ«ተነገረ» መካከል ቢበተኑ ፈታኙ አማራጩን ከማውጣቱ በፊት ሊሞክረው የሚችለው ቀላል ጥገና አለ። በምንባቡ መጨረሻ ላይ «ለሕዝቡ የሚነገረው ግን ከወረዳው ፈቃድ ሲመጣ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምርና በሚቀጥለው ዙር እንደገና ያየዋል።